ከ1 እስከ 1000 በ3 ወይም በ5 የሚካፈሉ ቁጥሮች፦ የማካተትና የማግለል ቆጠራ የሥራ ማስታወሻ

ጥያቄውን ማጥራት

የሚቆጠረው ይህ ነው፦ ከ1 እስከ 1000 ካሉት ሙሉ ቁጥሮች ውስጥ፣ 1000 ራሱ ተጨምሮ፣ በ3 ወይም በ5 ያለ ቀሪ የሚካፈሉት ስንት ናቸው?

ወደ ማካፈሉ ከመሄዳችን በፊት ወረቀቱ ራስ ላይ የሚጻፉ ሦስት ውሳኔዎች አሉ። የመጀመሪያው 1000 ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። 1000 በ5 ስለሚካፈል ውሳኔው ውጤቱን በአንድ ይለውጠዋል። «ከ1000 በታች» እና «እስከ 1000» ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ሁለተኛው የዜሮ ጉዳይ ነው። ዜሮ በ3ም በ5ም ያለ ቀሪ ይካፈላል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሙሉ ቁጥሮች ከ0 ስለሚጀምሩ፣ «ሙሉ ቁጥር» የሚለውን ቃል አጥብቆ የያዘ ሰው ዜሮን ቢቆጥር አይፈረድበትም፤ ውጤቱ ግን ከእኛ በአንድ ይበልጣል። እዚህ ከ1 ጀምረናል። ሦስተኛው «ወይም» የሚለው ነው። እንደ 15 እና 30 ያሉት በሁለቱም ይካፈላሉ። በሂሳብ «ወይም» እነዚህን አያስወጣም፤ ይገባሉ፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራሉ። ሥራው ሁሉ ያለው በዚህ «አንድ ጊዜ ብቻ» ላይ ነው።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ቀመሩን ብቻ ለሚፈልግ ሦስት ማካፈል ይበቃዋል። ለምን እንደሚሠራ በዓይን ለማየት ግን ባለ ካሬ ወረቀትና ሁለት ባለቀለም እርሳስ ያስፈልጋል። ብዙዎች 10 በ10 ሰንጠረዥ ይሠራሉ። በዚያ ላይ የ5 ብዜቶች ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፣ የ3 ብዜቶች ግን እያዘመሙ ስለሚሄዱ ድግግሞሹ ቶሎ አይታይም። የሚሻለው 15 ዓምድ ነው፤ 15 የ3 እና የ5 ትንሹ የጋራ ብዜት ስለሆነ በመጀመሪያው ረድፍ የተሠራው ምልክት በየረድፉ ሳይዛነፍ ይደገማል።

ካሬው 5 ሚሊሜትር የሆነ ኤፎር ወረቀት በቁመቱ 59 ረድፍ ያህል ብቻ ይይዛል፣ እኛ ደግሞ 67 ያስፈልገናል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ለሁለት ከፍሎ ጎን ለጎን ማድረግ ነው። በግራ 34 ረድፍ ከ1 እስከ 510፣ በቀኝ 33 ረድፍ ከ511 እስከ 1000። እያንዳንዱን ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም፤ ካሬውም አይበቃም። ከዓምዶቹ በላይ ከ1 እስከ 15፣ ከየረድፉ በግራ ደግሞ የረድፉን መነሻ ቁጥር መጻፍ በቂ ነው፦ 1፣ 16፣ 31፣ 46 እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው ረድፍ በ991 ይጀምርና 10 ካሬ ብቻ ይዞ 1000 ላይ ይቆማል። የመጨረሻው ረድፍ መነሻ ከ991 ሌላ ከሆነ በመሃል አንድ ረድፍ ተዘሏል ወይም ተደግሟል ማለት ነው፤ ምልክት ከመጀመሩ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ከዚያ የ3 ብዜት በሆነ ካሬ ሁሉ ላይ ወደ ቀኝ ያዘመመ ቀይ ጭረት፣ የ5 ብዜት በሆነ ካሬ ላይ ወደ ግራ ያዘመመ ሰማያዊ ጭረት ይደረጋል። ቀይ የሚያርፈው በ3፣ በ6፣ በ9፣ በ12 እና በ15 ዓምዶች ላይ ነው። ሰማያዊ በ5፣ በ10 እና በ15። ሁለቱ የሚገናኙት 15ኛው ዓምድ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ያሉት ካሬዎች የመስቀል ምልክት ይይዛሉ።

ጭረትና ካሬ

ቀይ ጭረቶቹን ለማወቅ 1000ን ለ3 ማካፈል ነው፦ ድርሻው 333፣ ቀሪው 1። ቀሪው ይጣላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 333ኛው የ3 ብዜት 999 ሲሆን ቀጣዩ 1002 ከሰንጠረዡ ውጭ ነው። ሰማያዊዎቹ 1000 ሲካፈል ለ5፣ ልክ 200 ናቸው፣ የመጨረሻውም ራሱ 1000 ነው።

333 እና 200 ሲደመሩ 533 ይሆናል። ይህ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ያለው የጭረት ብዛት ነው፣ ጭረት ያለበት ካሬ ብዛት ግን አይደለም። በ15ኛው ዓምድ ያለ እያንዳንዱ ካሬ ሁለት ጭረት ስላለው ሁለት ጊዜ ገብቷል። ስንት ናቸው? 1000 ሲካፈል ለ15፣ ድርሻው 66፣ ቀሪው 10። የመጨረሻው 990 ነው፣ ቀጣዩ 1005 አይደርስም። እንግዲህ፦

333 + 200 − 66 = 467

የሚቀነሰው አንድ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መስቀል ያለበት ካሬ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ አንዱን ስናነሳለት አንዱ ይቀርለታል፣ የምንፈልገውም ይህን ነው። «ድግግሞሹን ላጥፋ» ብሎ 66ን ሁለት ጊዜ የቀነሰ ሰው 401 ያገኛል። ይህም ትርጉም ያለው ቁጥር ነው፤ በአንዱ ብቻ የሚካፈሉት ናቸው፣ 267 በ3 ብቻ፣ 134 በ5 ብቻ። ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በሌላ መንገድ ማረጋገጥ

ያንኑ ቀመር ደግሞ መደመር ማረጋገጫ አይሆንም። ሰንጠረዡን ግን ያለ ቀመር መቁጠር ይቻላል። በአንድ ሙሉ ረድፍ ውስጥ ጭረት ያለባቸው ካሬዎች ሰባት ናቸው፦ 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10፣ 12 እና 15። ሙሉ ረድፎቹ 66 ስለሆኑ 7 ሲባዛ በ66፣ 462። በመጨረሻው ጎዶሎ ረድፍ 993፣ 995፣ 996፣ 999 እና 1000 ይቀራሉ፣ አምስት ናቸው። 462 ሲደመር 5፣ 467። እዚህ ምንም መቀነስ ስላልነበረ ይህ ራሱን የቻለ ማረጋገጫ ነው።

ባዶዎቹንም በዚያው መቁጠር ይበጃል። በሙሉ ረድፍ ስምንት ባዶ ካሬ አለ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 8፣ 11፣ 13 እና 14። 8 ሲባዛ በ66፣ 528። በመጨረሻው ረድፍ 991፣ 992፣ 994፣ 997 እና 998። በድምሩ 533።

533 ሁለት ጊዜ መጣ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 533 ቀደም ብሎ የጭረቶቹ ድምር ነበር፣ አሁን ደግሞ የባዶ ካሬዎቹ ብዛት ሆኖ መጣ። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ መቀነስ የረሳ ሰው የሚያገኘው ስሕተት ነው፤ ሌላው በ3ም በ5ም የማይካፈሉት ትክክለኛ ብዛት። ተማሪ 533 ብሎ ሲያመጣ መቀነስ ረስቶ ይሁን የተገላቢጦሹን ቆጥሮ ይሁን ከቁጥሩ መለየት አይቻልም። አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር፣ ግን ምክንያት አለው።

መጀመሪያ አንዱን ረድፍ እንይ። ቀይ ጭረት አምስት፣ ሰማያዊ ሦስት፣ በድምሩ ስምንት ጭረት። ባዶ ካሬም ስምንት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሙሉ ረድፍ ሁለቱ እኩል ናቸው። ቀጥሎ 10 ካሬ ያለው ጎዶሎ ረድፍ፦ ጭረቶቹ በ3፣ 6፣ 9፣ 5 እና 10 ቦታ ላይ አምስት ናቸው፣ ባዶዎቹም 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8፣ አምስት። እኩልነቱ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

ይህ 1000 ላይ ብቻ አይቆምም። 10፣ 100፣ 1000፣ 10000 ለ15 ሲካፈሉ ሁሉም ቀሪያቸው 10 ነው። ስለዚህ ወሰኑ ከእነዚህ አንዱ በሆነ ቁጥር ሁልጊዜ ሁለቱ ይገጥማሉ። እስከ 100 ብንሄድ 33 እና 20፣ 53 ጭረት ነው፤ የሚካፈሉት 47፣ የማይካፈሉትም 53። እስከ 10000 ደግሞ ሁለቱም 5333 ናቸው። ወሰኑን 1001 ያደረገ ግን ልዩነቱን ወዲያው ያያል፤ ጭረቱ 533 እንደሆነ ይቀራል፣ ባዶው 534 ይሆናል።

ሌሎች ቁጥሮችስ በሙሉ ረድፍ እንዲህ ይገጥማሉ? ሁለቱ ቁጥሮች a እና b ይሁኑ፣ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም እንበል። የረድፉ ርዝመት ab ይሆናል። በረድፉ ውስጥ ያለው ጭረት a + b ነው፤ ባዶ ካሬ ደግሞ (a−1)(b−1)። እኩል ይሁኑ ብንል፦

a + b = ab − a − b + 1

ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስበን በሁለቱም በኩል 3 ስንጨምር (a−2)(b−2) = 3 ይወጣል። 3 በአዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች ብዜት የሚጻፈው 1 ሲባዛ በ3 ተብሎ ብቻ ነው። አሉታዊዎቹን ብንሞክር ከሁለቱ አንዱ ከዜሮ በታች ይሆናል። ስለዚህ አንዱ 3፣ ሌላው 5 ከመሆን ሌላ መንገድ የለም። ለመለማመጃ ይህን ያህል የተለመደው ጥንድ፣ ስሕተቱ ከሌላ ትክክለኛ መልስ ጀርባ የሚደበቅበት ብቸኛው ጥንድ መሆኑ ነው።

በኮምፒውተር መፈተሽ

በፓይተን ቀመሩ አንድ መስመር ነው። ሁለት ሰረዝ ያለው ማካፈያ ቀሪውን ይጥላል፣ የምንፈልገውም ያንን ነው።

```python
N = 1000
print(N//3 + N//5 - N//15)
print(sum(1 for n in range(1, N+1) if n % 3 == 0 or n % 5 == 0))
```

ሁለቱም 467 ያትማሉ። ሁለተኛው መስመር አንድ በአንድ ስለሚያይ ድግግሞሽ አይፈጥርም፤ `or` አንዱ ቢሟላ ያልፋል፣ ሁለቱም ቢሟሉም የሚያልፈው አንዴ ነው። ይህንኑ ለሁለት የተለያየ `if` ከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ቆጣሪውን አንድ የሚጨምር ሰው 533 ይወጣለታል፤ ጭረት እየቆጠረ ነውና።

`range(1, N+1)` ላይ ያለውን `+1` የተወ 466 ያገኛል፤ `range` መጨረሻውን አይጨምርምና 1000 ወድቋል። እዚህም ሌላ መደበቂያ አለ። በኤክሴል `INT` በማለት ፈንታ `ROUND` ያደረገ ሰውም 466 ነው የሚያገኘው። 1000 ሲካፈል ለ15፣ 66.67 ስለሆነ ወደ 67 ይጠጋጋል፤ የሌለውን 1005ን ቀንሶ መጣ ማለት ነው። የአንደኛው ችግር የወሰን፣ የሌላው የማጠጋጋት ሲሆን ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

```
=INT(1000/3)+INT(1000/5)-INT(1000/15)
```

14 እና 15ን እንደ መፈተኛ

1000 ላይ የተመሳሰሉ ስሕተቶችን ለመለየት ወሰኑን አሳንሶ ሁለት ጊዜ ማስኬድ ይበቃል፣ አንዴ በ14፣ አንዴ በ15። ትክክለኛው መልስ በ14 ስድስት፣ በ15 ሰባት ነው፤ ይህን በጣት መቁጠር ይቻላል። መጨረሻውን የጣለ ፕሮግራም 6 እና 6 ይላል። የሚያጠጋጋው 7 እና 7 ይላል፣ ምክንያቱም በ14 ላይ 4.67 ወደ 5፣ 2.8 ወደ 3፣ 0.93 ወደ 1 ከፍ ይሉበታል። መቀነስ የረሳው 6 እና 8፤ የማይካፈሉትን የቆጠረው 8 እና 8። ዜሮን የጨመረው 7 እና 8። አንድ ብቻ አይለይም፤ በአንዱ ብቻ የሚካፈሉትን የሚቆጥረውም እንደ መጀመሪያው 6 እና 6 ይላል፣ ግን እሱ 1000 ላይ 401 ስለሚያመጣ ከ466 ጋር አይምታታም።

በ7/15 ማባዛት ለምን አይሆንም

ከ15 ሰባቱ ስለሆኑ 1000ን በ7/15 ማባዛት አጭር መንገድ ይመስላል። 466.67 ይወጣል፣ ሲጠጋጋ 467፤ ትክክል ሆነ። ግን የሆነው ቀሪው 10 ስለሆነ ብቻ ነው። ወሰኑን 1004 እናድርገው። ማባዛቱ 468.53 ይሰጣል፣ ሲጠጋጋ 469። በቀመሩ ግን 334 + 200 − 66፣ ማለትም 468 ነው። ምንጩ ይህ ነው፤ በረድፉ ውስጥ ምልክቶቹ እኩል አልተራራቁም፣ 1001 ላይ የጀመሩት አራት ካሬዎች ያስገኙት አንድ ምልክት ብቻ ነው፣ 1002። አማካዩ ይህን አያይም። ቆጠራ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍልፋይ ለየብቻው ወደ ታች ይቆረጣል፣ ከዚያ ይደመራል ይቀነሳል፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

መነሻው 1 ካልሆነ

ከ100 እስከ 1000 ያሉት ይቆጠሩ ብንል፣ እስከ 1000 ካለው እስከ 99 ያለውን መቀነስ ነው። እስከ 99 ድረስ 33 + 19 − 6፣ 46 ነው። 467 − 46 = 421። እዚህ እስከ 100 ያለውን፣ 47ን፣ የቀነሰ 420 ያገኛል፤ በ5 የሚካፈለውን 100ን ራሱን አውጥቶታል። በመካከል ያሉት ቁጥሮች 901 ናቸው ብሎ 901ን ለ3፣ ለ5 እና ለ15 የሚያካፍልም እዚያው 420 ላይ ይደርሳል። የ5 ብዜቶቹ 181 ሆነው ሳለ 180 ብቻ ይሰጠዋል፤ ማካፈል የሚያስኬደው ቆጠራው ከ1 ሲነሳ ነው።

3 እና 5 በሌላ ጥንድ ሲተኩ

እዚህ 15ን ያገኘነው 3ን በ5 አባዝተን ይመስላል። የሠራው የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው። 4 እና 6ን ብንወስድ ብዜታቸው 24 ቢሆንም 12ም በሁለቱም ይካፈላል፤ መቀነስ ያለበት በትንሹ የጋራ ብዜት፣ በ12 ነው። 250 + 166 − 83 = 333። በ24 የቀነሰ ሰው 375 ያገኛል፤ 12፣ 36፣ 60 እያሉ የሚሄዱት 42 ቁጥሮች ሁለት ጊዜ እንደተቆጠሩ ቀርተውበታል።

ሦስተኛ ቁጥር ከተጨመረ ደግሞ መቀነስ ብቻ አይበቃም። 3፣ 5 እና 7 ይሁኑ። ለየብቻቸው 333፣ 200 እና 142፣ በድምሩ 675 ጭረት። በጥንድ የሚገናኙት በ15፣ በ21 እና በ35፣ ማለትም 66፣ 47 እና 28፣ በድምሩ 141 ናቸው። ከ675 ሲቀነሱ 534። አሁን 105ን እንከተለው። በሦስቱም ስለሚካፈል ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል፤ በ15ም በ21ም በ35ም ስለሚካፈል ሦስት ጊዜ ተቀንሷል። ዜሮ ሆነ፣ ጭራሽ ወጣ። እስከ 1000 ያሉት የ105 ብዜቶች ከ105 እስከ 945 ዘጠኝ ናቸው፤ ተመልሰው ሲጨመሩ 543 ይሆናል።

ቀመሩን በፕሮግራም የሚፈትን ሰው ከ3 እና 5 ይልቅ 3 እና 7ን ቢመርጥ ይቀለዋል። ያለ ቅናሽ 475፣ ትክክለኛው 428፣ የማይካፈሉት 572፤ ሦስቱም ይለያያሉና የወጣው ቁጥር ራሱ የትኛው እንደተሠራ ይናገራል።